ሙሉው ሥዕል በመጨረሻ፦ የወባን ዑደት ለጀማሪ በሚያስተምሩ ስላይዶች የአእምሮ ሸክምን ማቃለል

1. መነሻ

የወባን ዑደት ለማስተማር በተለምዶ የሚዘጋጀው ስላይድ አንድ ትልቅ ክብ ሥዕል ነው። በአንደኛው ወገን የሰው ገላ፣ በሌላው ወገን ትንኝ ይሣላል፤ ቀስቶች ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራሉ፤ በየቀስቱ ጫፍም ተሕዋሱ በዚያ ደረጃ የሚይዘው መልክ ከነስሙ ይቀመጣል። ሥዕሉ ስሕተት የለበትም። ዑደቱን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው እንዲያውም ያማረ ማጠቃለያ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ሕዋስም ሆነ ስለ ጥገኛ ተሕዋስ ከዚህ በፊት ምንም ላልተማረ ሠልጣኝ በመጀመሪያው ደቂቃ ሲቀርብለት፣ ሠልጣኙ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥዕሉን በደብተሩ ላይ ይገለብጣል። ከገለበጠው በኋላ የቦታዎቹን ስም በትክክል ሊጠራ ይችላል። አንድ በሽተኛ ከዳነ ከሦስት ወር በኋላ ለምን ዳግም እንደሚታመም ሲጠየቅ ግን መልስ አያገኝም።

ይህ ጽሑፍ ይህ ክፍተት ከየት እንደሚመጣ ያስረዳል፤ ቀጥሎም ያንኑ ትምህርት በሌላ ቅደም ተከተል የሚያቀርቡ ስምንት ስላይዶችን አንድ በአንድ ይተነትናል። ምሳሌው ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተሕዋስ ነው። ይህ ዝርያ በኢትዮጵያ ከፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ጎን ለጎን በስፋት የሚገኝ ከመሆኑም በላይ፣ በጉበት ውስጥ ተኝቶ የመቆየት ጠባዩ ሂደቱን ለጀማሪ አስቸጋሪ ያደርገዋል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ በአጭሩ ሲነገር የሚከተለው ነው፤ አንድን ሂደት ውስብስብ የሚያደርገው የነጥቦቹ ብዛት ሳይሆን፣ በአንድ ጊዜ አብረው በአእምሮ መያዝ ያለባቸው ትስስሮች ብዛት ነው። ስለዚህ የስላይድ አዘጋጁ ተቀዳሚ ሥራ ጽሑፍ መቀነስ ሳይሆን፣ ተማሪው በየቅጽበቱ ምንን ከምን ጋር አያይዞ እንዲይዝ እንደሚጠየቅ መወሰን ነው።

2. ሸክሙ የሚያርፍበት ቦታ

ሰው አዲስ ነገርን ሲያስተናግድ የሚጠቀምበት የአእምሮ ክፍል የሥራ ትውስታ ይባላል። ይህ ክፍል ጠባብ ነው። ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ መጠኑን ወደ ሰባት ነጥብ ገደማ አድርጎት ነበር፤ ኔልሰን ካውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ማስረጃዎቹን ዳግም መርምሮ ወደ አራት ዝቅ አድርጎታል። ለአስተማሪ ጠቃሚው ትምህርት ከቁጥሩ ይልቅ ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው ነገር ነው። «አንድ ነጥብ» የሚባለው ለሁሉም ሰው አንድ መጠን የለውም። በረጅም ጊዜ ትውስታ ውስጥ ተሣሥሮ የተቀመጠ ዕውቀት ምንም ያህል ሰፊ ቢሆን እንደ አንድ ጥቅል ሆኖ ይነሣል። ለሐኪሙ «የጉበት ደረጃ» የሚለው ሐረግ አንድ ጥቅል ነው፤ በውስጡም ተሕዋሱ የሚገባበት መንገድ፣ የሚቆይበት ጊዜና የሚራባበት መጠን አብረው ታስረዋል። ለጀማሪው ግን እያንዳንዳቸው ለየብቻ ቦታ የሚሹ እንግዶች ናቸው።

አውስትራሊያዊው የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ስዌለር እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ያዳበረው የአእምሮ ሸክም ንድፈ ሐሳብ የሚነሣው ከዚህ ልዩነት ነው። በዚህ ንድፈ ሐሳብ የሸክሙ ምንጭ ሁለት ነው። አንደኛው ከትምህርቱ ከራሱ የሚመጣ ሲሆን፣ መጠኑ የሚለካው ነጥቦቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደተሳሰሩ ነው። የሃያ መድኃኒቶችን ስም መሸምደድ አድካሚ ነው፤ ሆኖም አንዱን ስም ለመያዝ ሌላውን ማሰብ ስለማያስፈልግ የትስስሩ ሸክም ዝቅተኛ ነው። ቫይቫክስ ወባ ለምን እንደሚያገረሽ ለመረዳት ግን ጉበትን፣ ደምን፣ የተኛውን ተሕዋስና የመድኃኒቱን የሥራ ቦታ በአንድ ላይ መያዝ ግድ ይላል። ሁለተኛው ምንጭ የአቀራረብ ጉድለት ነው፤ ትምህርቱ ራሱ የማይጠይቀውን ድካም አቀራረቡ በተማሪው ላይ ይጨምርበታል።

በተለመደው ክብ ሥዕል ላይ ሁለቱ ምንጮች ይደራረባሉ። ሥዕሉ ሁለት ገላዎችን፣ ጉበትን፣ ደምን፣ የትንኟን የሆድ ዕቃና የምራቅ ዕጢ፣ አሥር ያህል የተሕዋሱን መልኮችና መልኮቹን የሚያያይዙ ቀስቶችን ይይዛል። ጀማሪው ከእነዚህ መካከል የትኛው ለጥያቄው አስፈላጊ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ስለዚህ ሁሉንም እኩል ለመያዝ ይሞክራል፣ ሁሉንም እኩል ይጥላል።

3. አስቀድሞ የሚወሰን ጥያቄ

ስላይድ ከመሠራቱ በፊት፣ ተማሪው በመጨረሻ ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ መጻፍ አለበት። ጥያቄው ስም የሚያስጠራ ሳይሆን ምክንያት የሚያስነግር መሆን ይገባዋል። ለዚህ ምሳሌ የተመረጠው የሚከተለው ነው፦

«አንድ የቀን ሠራተኛ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወረደ። መስከረም 20 ቀን የወባ ትንኝ ነደፈችው። ጥቅምት 5 ቀን ትኩሳት ያዘው፤ በምርመራ ቫይቫክስ ተገኘበት፤ ክሎሮኪን ለሦስት ቀን ወስዶ ዳነ። በዚያው ወር ወባ ወደማይተላለፍበት ወደ ደብረ ብርሃን ተመለሰ፤ ከዚያም ወዲህ ወደ ቆላ አልወረደም። ጥር 10 ቀን እንደገና ቫይቫክስ ወባ ያዘው። ለምን?»

የደብረ ብርሃን መጠቀስ ያለ ምክንያት አይደለም። ሠራተኛው ወባ ባለበት ቀበሌ ቢቀር ኖሮ ዳግም በትንኝ ተነድፎ ሊሆን ይችላል፤ በእንዲህ ያለ ቦታ አዲስ ልክፍትን ከማገርሸት መለየት ለሐኪምም ቀላል አይደለም። ደጋው ይህን በር ይዘጋል፤ ተማሪው ምክንያቱን በገላው ውስጥ እንዲፈልግ ይገደዳል።

ጥያቄው ከተጻፈ በኋላ መልሱ የሚጠይቃቸው ትስስሮች ይቆጠራሉ። እነሱም አምስት ናቸው፦ ተሕዋሱ ከትንኟ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ በጉበት ከገቡት ከፊሎቹ ይራባሉ፣ ከፊሎቹ ይተኛሉ፤ የተራቡት ወደ ደም ወጥተው ትኩሳት ያመጣሉ፤ ክሎሮኪን በደም ያሉትን ይገድላል እንጂ በጉበት የተኙትን አይነካም፤ የተኙት ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሲነቁ የመጀመሪያውን መንገድ ይደግማሉ። ከዚህ ዝርዝር ውጭ የቀረው ብዙ ነው። ተሕዋሱ በትንኟ ገላ ውስጥ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች፣ ወንዴና ሴቴ መልኮቹ፣ የሚዋሐዱበት ሁኔታና ትንኟ አስተላላፊ እስክትሆን የሚፈጀው ጊዜ ሁሉም እውነትና ተፈላጊ ዕውቀት ናቸው። ነገር ግን ለዚህ ጥያቄ አያስፈልጉም። ስለሆነም ወደ ሁለተኛ ትምህርት ይዛወራሉ፤ ያ ትምህርት የራሱ ጥያቄ ይኖረዋል፤ ለምሳሌ «አንድ ሰው ታክሞ መዳኑ ጎረቤቱን እንዴት ይጠብቃል?» የሚል። የክቡ ግማሽ ከመጀመሪያው ትምህርት የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው፤ የሚወጣውም አላስፈላጊ ስለሆነ ሳይሆን ተራው ስላልደረሰ ነው።

4. ስምንቱ ስላይዶች

የሚከተለው ቅደም ተከተል በአንድ መርሕ ላይ ይቆማል፤ መጀመሪያ ክፍሎቹ ለየብቻ፣ ቀጥሎ ትስስራቸው። ፖሎክ፣ ቻንድለርና ስዌለር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት የኤሌክትሪክ ፍተሻ ለሚማሩ ሠልጣኞች ይህንኑ ሞክረዋል። ጀማሪዎቹ በመጀመሪያው ዙር ክፍሎቹን ያለ ትስስራቸው፣ በሁለተኛው ዙር ከነትስስራቸው ሲማሩ፣ ሁለቱንም ዙር ሙሉውን ከተማሩት የበለጠ ተረድተዋል።

የመጀመሪያው ስላይድ ባዶ ካርታ ነው። የአንድ ሰው ገላ ቅርጽ ይታያል፤ በላዩ ላይ ሦስት ነገሮች ብቻ አሉ፦ በክንዱ ላይ ያረፈች ትንኝ፣ ጉበት፣ አንድ የደም ሥር። ከየሥዕሉ ጎን ስሙ ተጽፏል። ተሕዋስ የለም፤ ቀስትም የለም። አስተማሪው የሚናገረው ትምህርቱ በእነዚህ ሦስት ቦታዎች እንደሚካሄድ ብቻ ነው። ይህ ካርታ እስከ መጨረሻው ስላይድ ድረስ ቦታውንና መጠኑን አይለውጥም። ጉበት በሦስተኛው ስላይድ ላይ ወደ ግራ፣ በአምስተኛው ወደ ቀኝ ቢሄድ ተማሪው ተሕዋሱን ከመከታተሉ በፊት ጉበቱን መፈለግ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ስላይድ ጉበትን ብቻ ያበራል፤ የቀረው ካርታ ይደበዝዛል። አንድ ተሕዋስ በአንድ የጉበት ሕዋስ ውስጥ ይገባል፤ ለአንድ ሳምንት ያህል ይራባል፤ ሕዋሱ ሲፈነዳ በሺህ የሚቆጠሩ ይወጣሉ። በዚህ ጊዜ ሰውየው ምንም አይሰማውም። ሦስተኛው ስላይድ ደግሞ ደምን ብቻ ያበራል። አንድ ተሕዋስ ወደ አንድ ቀይ የደም ሕዋስ ይገባል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ይራባል፤ ሕዋሱ ይፈነዳል፤ ከ12 እስከ 24 የሚደርሱ አዳዲስ ተሕዋስያን ወጥተው ሌሎች ሕዋሶችን ይወራሉ። ብርድ ብርድ የሚለውና ትኩሳት የሚነሣው ሕዋሶቹ በሚፈነዱበት ጊዜ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ስላይዶች ላይ ተሕዋሱ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ሆን ተብሎ አይነገርም። አስተማሪው ይህን ማለት ይገባዋል፤ «ከየት እንደመጣ ቆይተን እናያለን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ተማሪው በከንቱ ከመፈለግ ያሳርፈዋል።

አራተኛው ስላይድ ሁለቱን ያገናኛል። አዲስ ነገር የሚጨመረው ሁለት ቀስት ብቻ ነው፤ አንዱ ከትንኟ ወደ ጉበት፣ ሌላው ከጉበት ወደ ደም። የሁለተኛውና የሦስተኛው ስላይድ ሥዕሎች በየቦታቸው አንሰው ይቀመጣሉ። እዚህ ላይ አስተማሪው ይቆማል፤ ሠልጣኞቹም በደብተራቸው የሠራተኛውን የመጀመሪያ ሕመም ያሰላሉ። መስከረም 20 ተነድፎ ለምን እስከ ጥቅምት 5 አልታመመም? አንድ ሳምንቱ የጉበት ነው፤ የቀሩት ቀናት በደም ያሉት ተሕዋስያን በየ48 ሰዓቱ እየተባዙ ትኩሳት ለማምጣት የሚበቁበት ጊዜ ነው። ይህን ያሰላ ተማሪ ጉበትንና ደምን እንደ አንድ ታሪክ መያዝ ጀምሯል፤ ለሚቀጥለው ነጥብ ቦታ ተገኝቷል ማለት ነው።

አምስተኛው ስላይድ ወደ ጉበት ይመለሳል። ሁለተኛው ስላይድ ያልነገረው ነገር አሁን ይነገራል፤ ወደ ጉበት ከገቡት ተሕዋስያን ከፊሎቹ አይራቡም፤ ይተኛሉ። የተኙት ከነቁት በተለየ ቀለም ይሣላሉ፤ ያ ቀለም በሌላ ቦታ ለሌላ ነገር አይውልም። ስድስተኛው ስላይድ መድኃኒቱን ያመጣል። ክሎሮኪን በደም ሥሩ ላይ ይጻፋል፤ በደም ያሉት ተሕዋስያን ይጠፋሉ፤ በጉበት የተኙት እንዳሉ ይቀራሉ። ስላይዱ ላይ ማብራሪያ አይጨመርም፤ አስተማሪው «ምን ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሰባተኛው ስላይድ የሠራተኛውን ታሪክ ከነቀኖቹ ያሳያል፤ ሥዕሉ ከጎኑ አለ። መልሱን ሠልጣኞቹ ይናገራሉ፦ ጥቅምት ላይ የዳነው ደሙ ነው፤ ጉበቱ ውስጥ የተኙት ቆይተው ነቅተዋል። ስምንተኛው ስላይድ ፕሪማኪንን በጉበቱ ላይ ያስቀምጣል፤ በተለመደው መጠን ለ14 ቀን የሚሰጠው ይህ መድኃኒት የተኙትን የሚገድል ነው። ከዚህ በኋላ፣ ከዚህ በፊት ሳይሆን፣ የጉበቱና የደሙ ሂደት ከነመድኃኒቶቹ በአንድ ሥዕል ሊታይ ይችላል። ባለሙያው በመጀመሪያ የሚያሳየው ሥዕል ለጀማሪው የመጨረሻው ነው።

5. ቋንቋው የሚጨምረው ሸክም

ከላይ በተገለጹት ስላይዶች ውስጥ የተሕዋሱ ሳይንሳዊ ስሞች አልተጠቀሱም። ምክንያቱን ለማየት ስሞቹን በተከታታይ ማንበብ ይበቃል፦ ስፖሮዞይት፣ ሂፕኖዞይት፣ ሜሮዞይት፣ ትሮፎዞይት። አራቱም በአንድ ድምፅ ያልቃሉ። ግሪክኛ ላልተማረ የአማርኛ ተናጋሪ የመጀመሪያው ክፍላቸውም የሚያመለክተው ነገር የለም። ድምፃቸው የሚመሳሰል ቃላት በሥራ ትውስታ ውስጥ በቀላሉ እንደሚምታቱ በሙከራ የተረጋገጠ ነው፤ ስለዚህ ተማሪው ስሞቹን ለመለየት የሚያወጣው ጉልበት ሂደቱን ለመረዳት ከሚያስፈልገው ላይ ይቀነሳል። በእነዚህ ስላይዶች ላይ ስሞቹን የሚተኩት ተሕዋሱ የሚሠራውን የሚናገሩ የአማርኛ ቃላት ናቸው፦ ከትንኟ የሚመጣው «ገቢው»፣ በጉበት የሚቀረው «የተኛው»፣ ቀይ የደም ሕዋስን የሚወረው «ወራሪው»። እነዚህ ቃላት አዲስ ቦታ አይጠይቁም፤ ትርጉማቸውን ተማሪው ይዞት መጥቷል። ሠልጣኙ በፈተና ወይም በመመሪያ ላይ ሳይንሳዊ ስሞቹን የሚያገኛቸው ከሆነ፣ ከስምንተኛው ስላይድ በኋላ በየቃሉ ጎን ይጻፋሉ። በዚያን ጊዜ «ሂፕኖዞይት» ለሚያውቀው ነገር የተሰጠ ሌላ ስም እንጂ የማያውቀው ነገር የማያውቀው ስም አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ የዓረፍተ ነገር አሠራር ነው። በአማርኛ ግስ በመጨረሻ ይመጣል፤ ገላጭ ሐረግም ከሚገልጸው ስም ይቀድማል። በመጽሐፍ ላይ ይህ ችግር የለውም፤ አንባቢ ተመልሶ ማንበብ ይችላልና። በስላይድና በንግግር ግን የሚከተለውን ዓይነት ዓረፍተ ነገር እንመልከት፦ «በትንኟ ምራቅ አማካይነት ወደ ሰው ገላ ገብቶ በጉበት ሕዋስ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያህል ከተራባ በኋላ የሚወጣው ተሕዋስ ቀይ የደም ሕዋስን ይወራል።» ሰሚው ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚያውቀው ከአሥራ አምስት ቃላት በላይ ካሳለፈ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ መግባቱን፣ ቦታውን፣ ጊዜውንና መራባቱን ማን እንደሠራው ሳያውቅ ተንጠልጥሎ ይይዛል። ያው ሐሳብ ተከፋፍሎ ሲነገር ሸክሙ ይወርዳል፦ «ተሕዋሱ በትንኟ ምራቅ ወደ ሰው ገላ ይገባል። ወደ ጉበት ይሄዳል። በዚያ ለአንድ ሳምንት ይራባል። ከዚያ ወጥቶ ቀይ የደም ሕዋስን ይወራል።» የዓረፍተ ነገሩ ቅደም ተከተል የድርጊቱን ቅደም ተከተል ይከተላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በራሱ ውስጥ ስለሚይዝ ስሙን መተው የተለመደ ነው። ሆኖም ተሕዋሱም፣ መድኃኒቱም፣ ሰውየውም በአንድ የወንድ አንቀጽ ይነገራሉ። በስድስተኛው ስላይድ ላይ «ወደ ደም ይገባል» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢጻፍ የሚገባው ተሕዋሱ ነው ወይስ ክሎሮኪኑ? አዋቂው ከአገባቡ ይረዳል፤ ጀማሪው ግን የሚረዳበት አገባብ ገና አልተሠራለትም። ስለዚህ ለሥነ ጽሑፍ ድግግሞሽ የሚመስለው የስም መደጋገም በስላይድ ላይ ግዴታ ነው።

ሦስተኛው፣ ስላይዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አስተማሪው ቃል በቃል ማንበቡ ነው። ተማሪው በዓይኑ ያነባል፣ በጆሮው ይሰማል፤ ሁለቱ ፍጥነታቸው አይገጥምም፤ ሥዕሉን የሚያይበት ዓይንም ጽሑፉ ላይ ይታሰራል። ይህ ማለት ግን ጽሑፍ ፈጽሞ አይኑር ማለት አይደለም። ሜየርና ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳዩት መሠረት፣ ከሥዕሉ ጎን የተቀመጡ ሁለት ወይም ሦስት ቃላት ንግግሩን ቢደግሙም ያግዛሉ እንጂ አይጎዱም። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑ ሠልጣኞች በተቀመጡበት አዳራሽ ደግሞ ቁልፍ ቃሉን በጽሑፍ ማየት ድምፁን ለመለየት ይረዳል። «ጉበት፦ 1 ሳምንት» የሚል መለያ ይበቃል። መለያው በሥዕሉ ላይ ይቀመጥ እንጂ በቁጥር ተተክቶ ከግርጌ በዝርዝር አይሰጥ፤ ቁጥሩን ይዞ ወደ ታች ወርዶ ስሙን አግኝቶ መመለስ ራሱን የቻለ ሸክም ነው።

6. መልሱ የሚናገረው

ሸክሙ መብዛቱ በትምህርቱ ሰዓት የሚታወቅባቸው ምልክቶች አሉ። ሠልጣኞች ሥዕሉን ሳያዩ መገልበጥ ሲጀምሩ፣ ወይም «ወደኋላ ይመለሱልን» የሚል ጥያቄ በአንድ ስላይድ ላይ ሲደጋገም፣ ያ ስላይድ ከአንድ በላይ አዲስ ትስስር ይዟል ማለት ነው። መፍትሔውም በዝግታ መናገር ሳይሆን ስላይዱን ለሁለት መክፈል ነው።

ከዚህ የተሻለ መመርመሪያ ግን የሠራተኛው ጥያቄ ነው፤ የተሳሳተው መልስ የጎደለውን ትስስር በስሙ ይጠራልና። ሠልጣኙ «ዳግም ተነድፎ ነው» ቢል የተኛው ተሕዋስ ከታሪኩ ጋር አልተያያዘለትም፤ አምስተኛው ስላይድ ይመለከተዋል። «መድኃኒቱ ደካማ ስለነበረ ነው» ቢል መድኃኒቱንና የሚሠራበትን ቦታ አላገናኘም፤ ስድስተኛውን ይመልከት። «ደሙ ውስጥ ተደብቆ ስለቆየ ነው» የሚለው መልስ ወደ እውነት የቀረበ ይመስላል፤ የሚያመለክተው ግን ጉበትና ደም በተማሪው አእምሮ ገና አለመለየታቸውን ነው፤ ችግሩ እስከ ሁለተኛውና ሦስተኛው ስላይድ ይወርዳል። የመደበኛው ፈተና «በክቡ ላይ ባዶ ቦታዎቹን ሙሉ» የሚል ቢሆን ሦስቱም ሠልጣኞች ሙሉ ነጥብ ሊያገኙ ይችሉ ነበር።

7. ወሰኑ

ይህ አሠራር ለሁሉም አይበጅም። ካልዩጋ፣ ኤርስ፣ ቻንድለርና ስዌለር እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳስረዱት፣ ጀማሪን የሚረዳ አቀራረብ ዕውቀቱ ያለውን ሰው ሊያደናቅፍ ይችላል። ነርስ ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ እነዚህን ስምንት ስላይዶች ሲያይ የሚያውቀው ነገር ተቆራርጦ ይቀርብለታል፤ ቁርጥራጩን ከራሱ ሙሉ ሥዕል ጋር ማስተያየትም ሌላ ሥራ ይሆንበታል። ለእሱ ክቡ ሥዕል ይሻላል። አንድ ስላይድ ለሁለቱም ወገን እንዲሆን ማዘጋጀት ለአንዳቸውም አይሆንም።

ክፍሎቹን ለየብቻ ማቅረብም ዋጋ አለው። ሁለተኛው ስላይድ ብቻውን ሲታይ ወደ ጉበት የገባ ሁሉ ይራባል የሚል ስሜት ያሳድራል፤ ይህም ለቫይቫክስ ሙሉ እውነት አይደለም። አምስተኛው ስላይድ የሚያርመው ስለሆነ ሠልጣኝ በመካከል አቋርጦ ቢወጣ የተሳሳተ ዕውቀት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ያሉት ስላይዶች በአንድ መቀመጫ ሊያልቁ ይገባል። በየስላይዱ ራስጌም «ቫይቫክስ» የሚለው ስም መኖር አለበት፤ ፋልሲፓረም በጉበት የሚተኛ መልክ የለውምና፣ የዚህን ትምህርት መደምደሚያ ወደዚያ ማሻገር ስሕተት ይሆናል።

በመጨረሻም፣ ስምንተኛው ስላይድ ፕሪማኪን ተሕዋሱን የት እንደሚገድል ያስተምራል እንጂ ለማን እንደሚሰጥ አያስተምርም። ጂ6ፒዲ የተባለው ኤንዛይም በሚያንሳቸው ሰዎች ላይ መድኃኒቱ ቀይ የደም ሕዋሶችን ሊያፈርስ ይችላል፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። ይህ ጉዳይ የሰውን ሕይወት የሚነካ በመሆኑ በስምንተኛው ስላይድ ግርጌ በትንንሽ ፊደል ሊጨመር አይገባውም። የራሱ ጥያቄ፣ የራሱ ትስስርና የራሱ ትምህርት ያስፈልገዋል፤ ሠልጣኙም ወደዚያ ትምህርት የሚገባው የጉበቱንና የደሙን ታሪክ እንደ አንድ ጥቅል ይዞ ነው።